ገበያው ሳይፈታ፦ በ80 ለ88 ሩጫ ላይ አንድ የእጥፍ ውሳኔ

ባክጋሞንን በእስራኤል "ሼሽ ቤሽ"፣ በአረብ አገር ደግሞ "ጣውላ" ብሎ የተማረ ሰው ሰሌዳውን፣ ጠጠሩንና ዳይሱን ጠንቅቆ ያውቃል። ኪዩቡን ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም፤ በቡና ቤቶቹ ጠረጴዛ ላይ ኪዩብ እምብዛም አይወጣምና። ኪዩቡ በ1920ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ የተጨመረ ነገር ነው። በስድስቱ ገጾቹ ላይ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64 ተጽፈዋል። 1 ስለሌለበት ጨዋታው ሲጀመር 64 ወደ ላይ ሆኖ መሃል ይቀመጣል፤ ጨዋታው ገና በአንድ ነጥብ ነው ማለት ነው። ተራው የደረሰ ተጫዋች ዳይሱን ከመወርወሩ በፊት ኪዩቡን 2 ላይ አዙሮ ወደ ተቀናቃኙ ይገፋል። ይህ የእጥፍ ጥያቄ ነው። ተቀናቃኙ ወይ ጨዋታውን ትቶ አንድ ነጥብ ይከፍላል፣ ወይ ተቀብሎ በሁለት ነጥብ ይቀጥላል። ከተቀበለ ኪዩቡ እሱ ዘንድ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ዳግም እጥፍ መጠየቅ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

እዚህ የምናየው ውሳኔ ከዚህ ሕግ የሚመነጭ ነው። ጨዋታው በነጥብ የሚከፈልበት ነው፤ እስከ ተወሰነ ነጥብ የሚሄድ ግጥሚያ አይደለም። ኪዩቡ መሃል ነው። የሁለቱም ጠጠሮች ተላልፈው አልፈዋል፤ መመታት የለም፣ የቀረው ሩጫ ብቻ ነው። ተራው የነጭ ነው፤ ገና አልወረወረም።

ቤቶቹን እያንዳንዱ ከራሱ መውጫ ጀምሮ ከ1 ሲቆጥር አሰላለፉ እንዲህ ነው።

ነጭ፦ 8ኛ ቤት ላይ 2፣ 7ኛ ላይ 1፣ 6ኛ ላይ 4፣ 5ኛ ላይ 3፣ 4ኛ ላይ 3፣ 3ኛ ላይ 2 ጠጠር።

ጥቁር፦ 8ኛ ቤት ላይ 3፣ 7ኛ ላይ 2፣ 6ኛ ላይ 4፣ 5ኛ ላይ 3፣ 4ኛ ላይ 2፣ 3ኛ ላይ 1 ጠጠር።

ጥያቄው ሁለት ነው። ነጭ አሁን እጥፍ ይጠይቅ? ከጠየቀስ ጥቁር ይቀበል?

መጀመሪያ ፒፕ ይቆጠራል። አንድ ጠጠር ከሰሌዳው ለመውጣት የሚቀረው ርቀት በቤት ቁጥሩ ይለካል፤ 8ኛ ቤት ላይ ያለ ጠጠር 8 ፒፕ ይቀረዋል። የአስራ አምስቱም ርቀት ሲደመር የተጫዋቹ ፒፕ ነው። የነጭ 16፣ 7፣ 24፣ 15፣ 12 እና 6 ሆኖ በድምሩ 80 ይመጣል። ለጥቁርም ይህንኑ ከዜሮ ጀምሮ መድገም ይቻላል፤ ግን ዳይስ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሁለት ረጅም ድምር መደመር ስህተት ይጋብዛል። የሚሻለው ማቻቻል ነው። ሁለቱም 6ኛ ቤት ላይ አራት፣ 5ኛ ላይ ሦስት ጠጠር ስላላቸው እነዚህን ተዋቸው። 8ኛው ላይ ሁለት በሁለት፣ 7ኛው ላይ አንድ በአንድ፣ 4ኛው ላይ ሁለት በሁለት፣ 3ኛው ላይ አንድ በአንድ ይቻቻላሉ። ከነጭ የሚተርፉት 4ኛና 3ኛ ቤት ላይ ያሉ ሁለት ጠጠሮች ናቸው፤ 7 ፒፕ። ከጥቁር የሚተርፉት 8ኛና 7ኛ ቤት ላይ ያሉ ሁለት ጠጠሮች ናቸው፤ 15 ፒፕ። ልዩነቱ 8 ነው። ሰላሳ ጠጠር ተቆጥሮ ልዩነቱ በሁለት ሁለት ጠጠር ላይ አለቀ። ከዚያ የነጭን 80 ብቻ አንዴ መደመር ይበቃል፤ የጥቁር 88 ይሆናል።

ቆጠራው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው 7ኛው ቤት ላይ ነው። በ6ኛውና በ7ኛው መካከል የሰሌዳው መከፋፈያ እንጨት ስላለ ዓይን 7ኛውን "ከእንጨቱ ማዶ የመጀመሪያው" ብሎ ይይዘውና ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አንድ አንድ ያጎድላል። በዚህ ሰሌዳ ላይ የጥቁርን 8ኛ ቤት 7፣ 7ኛውን 6 ብሎ የቆጠረ ሰው አምስት ፒፕ ይሳሳታል። አምስት ፒፕ ምን ያህል እንደሆነ ቀጥሎ ይታያል፤ የውሳኔው መስኮት ራሱ ያን ያህል ሰፊ አይደለም።

ለሩጫ የሚያገለግለው ቀላል መመሪያ የአሜሪካዊው ዋልተር ትራይስ ነው። የመሪውን ፒፕ ለ10 ታካፍላለህ፣ 2 ትጨምራለህ፣ ክፍልፋዩን ትጥላለህ። የሚመጣው ቁጥር ተከታዩ አሁንም ሊቀበልበት የሚችለው የመጨረሻው ልዩነት ነው። ከእሱ 3 ዝቅ ሲል የመጀመሪያው እጥፍ ይጀምራል፤ ኪዩቡ በመሪው እጅ ከሆነና ዳግም እጥፍ ከሆነ ግን 2 ብቻ ዝቅ ይላል። የመሪው ፒፕ 62 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ስሌቱ ይለወጣል፤ 5 ቀንሶ ለ7 ማካፈል ነው። ይህ ሁሉ መሪው ተረኛ ሆኖ ገና ሳይወረውር ነው። ስለዚህ "ተራው የኔ ነው" ብሎ በልዩነቱ ላይ ሌላ ፒፕ መጨመር አንዱን ጥቅም ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።

በ80 ላይ 8 ሲደመር 2፣ የመጨረሻው መቀበያ 10 ነው። እጥፍ ከ7 ይጀምራል፤ ዳግም እጥፍ ከ8። የእኛ ልዩነት 8 ስለሆነ መመሪያው "ጠይቅ፣ ይቀበልህ" ይላል። ብዙዎች በቃል የያዙት የ8፣ 9፣ 12 በመቶ ደንብም (8 በመቶ ለእጥፍ፣ 9 ለዳግም እጥፍ፣ እስከ 12 መቀበል) እዚሁ ያደርሳል፤ 8 ፒፕ ከ80 ላይ 10 በመቶ ነው። መቶኛው የሚሰላው በመሪው ፒፕ እንጂ በተከታዩ አይደለም።

መመሪያ ግን ለምን እንደሆነ አይናገርም። ነጭ ከዚህ ቦታ በግምት ከመቶ 75 ያህሉን ጊዜ ያሸንፋል፤ ጥቁር መቀበል ይችላል። ተቀናቃኝ በደስታ የሚቀበለውን እጥፍ ለምን አሁን ይሰጡታል? አንድ ዙር ቢጠብቁ ምን ይቀራል?

የሚቀረው ገበያው ነው። በጥቁር ዘንድ እጥፉ ገና ዋጋ ያለው ዕቃ ነው፤ ይገዛዋል። ነጭ ሳይጠይቅ ወርውሮ ጥሩ ከወጣለት፣ ጥቁር ደግሞ ደካማ ከወረወረ፣ በሚቀጥለው ተራ ነጭ እጥፍ ሲል ጥቁር ትቶ ይነሳል። ገበያው ተፈትቷል። ነጭ ሁለት ነጥብ ሊያገኝበት ይችል ከነበረው ቦታ አንድ ነጥብ ይዞ ይወጣል። እንዲህ የሚያደርጉትን የነጭ ውርወራና የጥቁር ምላሽ ጥንዶች "ማርኬት ሉዘር" ይሏቸዋል፤ እዚህ ገበያ ፈቺ እንበላቸው። አሁን የመጠየቅ ምክንያት እነሱ ናቸው። ምንም ገበያ ፈቺ ከሌለ መጠበቅ ምንም አያስከፍልም።

ስንት እንደሆኑ በዚህ ሰሌዳ ላይ መቁጠር ይቻላል። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት ውርወራ አለው፤ የነጭ 36 በጥቁር 36 ሲባዛ 1,296 ጥንድ ይሆናል። ለእያንዳንዱ የነጭ ውርወራ አዲሱን የመቀበያ ወሰን በትራይስ ስሌት አግኝቶ፣ ጥቁር ወደዚያ ወሰን ለመመለስ ስንት ፒፕ እንደሚያስፈልገው ማየት ነው።

ነጭ 4-3 ወረወረ እንበል። 73 ቀረው፤ ወሰኑ 9 ነው። ጥቁር ገና 88 ላይ ስለሆነ ልዩነቱ 15 ነው፤ ወደ 9 ለመመለስ ቢያንስ 6 ፒፕ ይፈልጋል። ከ6 በታች የሚሰጡት 2-1፣ 3-1፣ 1-1፣ 4-1 እና 3-2 ናቸው፤ ከ36ቱ 9። ነጭ በአማካይ ከሚወጣው ትንሽ ዝቅ ያለ 7 ፒፕ ብቻ ወርውሮ እንኳ ከአራት ጊዜ አንዱን ገበያው ይፈታል። (የአንድ ውርወራ አማካይ 8 ፒፕ ከትንሽ ነው።)

አሁን ለጨዋታው ስሙን የሰጠው ሼሽ ቤሽ፣ 6-5፣ ይውጣ። ነጭ 69 ላይ ይደርሳል፤ ወሰኑ ወደ 8 ይወርዳል፤ ልዩነቱ 19 ነው። ጥቁር 11 ፒፕ ወይም ከዚያ በላይ ካላገኘ አበቃለት። እነሱም ራሱ 6-5 እና 3-3፣ 4-4፣ 5-5፣ 6-6 ብቻ ናቸው፤ ስድስት ውርወራ። የቀሩት 30ው ገበያ ፈቺ ናቸው።

ሁሉም በዚህ መንገድ ሲቆጠር ነጭ 3 ወይም 4 ፒፕ ብቻ ከወረወረ አንድም የለም። 5 እና 6 ፒፕ ሲወረውር 28 ጥንድ፣ 7 ሲወረውር 54፣ 8 ሲወረውር 65፣ 9 ሲወረውር 76፣ በ6-4 እና በ6-5 አንድ ላይ 108 ይመጣሉ። ከ3-3 እስከ 6-6 ያሉት አራት ድርቦች አራት ውርወራ ብቻ ሆነው 136 ጥንድ ያመጣሉ። ድምሩ 467 ነው፤ ከ1,296 ላይ 36 በመቶ። ነጭ ከጠበቀ ከሦስት ጊዜ ከአንድ በላይ አርፍዶ ገበያ ይደርሳል ማለት ነው።

ብዛቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ጥልቀቱም ይታያል። ነጭ 5-4፣ ጥቁር 4-3 ቢወረውሩ 71 ለ81 ይሆናል፤ ልዩነቱ 10፣ ወሰኑ 9። ገበያው የተፈታው በአንድ ፒፕ ነው፤ ነጭ በመጠበቁ የከሰረው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነጭ 6-6፣ ጥቁር 2-1 ቢወረውሩ ግን 56 ለ85 ነው። ይህ ያለቀ ጨዋታ ነው፤ ኪዩቡ 2 ላይ ቢሆን ኖሮ የሚገኘው ሁለት ነጥብ እጅ ላይ ነበር፣ አሁን አንድ ብቻ ነው። ድርቦቹ ጥቂት ሆነው ውሳኔው ላይ የሚከብዱት ለዚህ ነው። "ድርብ ይወጣልኛል ብዬ አልጫወትም" የሚል ተጫዋች ስሌቱን ገልብጦታል፤ ድርብ ሲወጣ ኪዩቡ ቀድሞ ተዙሮ መገኘት አለበት።

በሌላ በኩል መጠየቅ ዋጋ አለው። ነጭ 2-1፣ ጥቁር 6-6 ቢወረውሩ 77 ለ64 ይሆናል። ኪዩቡ መሃል ቢሆን ኖሮ ነጭም ቢያገግም ሊጠቀምበት ይችል ነበር፤ አሁን ግን በጥቁር እጅ 2 ላይ አለ፣ ጥቁር በሚቀጥለው ተራው 4 ብሎ ሊገፋው ይችላል። የነጭ ውሳኔ እነዚህን ክፉ ጥንዶች ከ467ቱ ጋር መመዘን ነው።

ሚዛኑ የት እንደሚዞር ለማየት ከጥቁር ሦስት ፒፕ መቀነስ ይበቃል። በ80 ለ85 ያው ቆጠራ ሲደገም ገበያ ፈቺዎቹ 212 ብቻ ይሆናሉ፤ 16 በመቶ። በተራ ውርወራ ገበያው አይፈታም ማለት ይቻላል፤ 4-3 ወርውሮ ጥቁር በ2-1 ቢመልስ እንኳ ጥቁር ገና ይቀበላል። እዚህ መጠበቅ ትክክል ነው፤ ኪዩቡን አሳልፎ መስጠት ከሚያመጣው በላይ ያስከፍላል። በ80 ለ87 ላይ 361 ይደርሳሉ፣ 28 በመቶ፤ የትራይስ መስኮት የሚከፈተውም እዚያው ላይ ነው። ከ5 ወደ 8 ሦስት ፒፕ ነው፤ ቅድም ያየነው የ7ኛው ቤት ስህተት አምስት ነበር።

አሁን ጥቁር። ኪዩቡ 2 ላይ ተገፍቶለታል። በዚህ ቦታ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልቡ ስለሚዝል ነው፤ 8 ፒፕ ተቀድሟል፣ ተራውም የሌላው ነው፣ "አንድ ከፍዬ ልነሳ" ይላል። ሒሳቡ በአራት ጨዋታ ይታያል። አራት ጊዜ ትቶ ቢነሳ 4 ነጥብ ይከፍላል። አራት ጊዜ ተቀብሎ ሦስቱን ቢሸነፍ 6 ከፍሎ አንዱን ሲያሸንፍ 2 ያገኛል፤ እዚህም ጉዳቱ 4 ነው። ስለዚህ ከአራት አንዱን ማሸነፍ የሚችል ሰው ቢተውም ቢቀበልም እኩል ነው፤ ያውም ኪዩቡ ሞቶ ቢቀመጥ። ኪዩቡ ግን አልሞተም፤ በጥቁር እጅ ነው። ነጭ ከእንግዲህ ሊያስወጣው አይችልም፣ ጨዋታው ሲገለበጥ ደግሞ ጥቁር 4 ብሎ ነጭን ሊያስወጣው ይችላል። በዚህ ምክንያት በረጅም ሩጫ ከመቶ 22 ያህል የማሸነፍ ዕድል ያለው ሰው ይቀበላል። ጥቁር 25 ገደማ አለው፤ ልዩነቱም ከወሰኑ ሁለት ፒፕ ይጎድላል። ሳያመነታ ይቀበል።

እስካሁን ያለው ሁሉ ፒፕ እውነቱን ይናገራል በሚል ነው። በዚህ ሰሌዳ ላይ የሁለቱም አሰላለፍ ጤናማ ስለሆነ ይናገራል። ነጭ ያንኑ 80 ፒፕ በሌላ አሰላለፍ ቢይዘውስ? 11ኛ ቤት ላይ 1፣ 8ኛ ላይ 4፣ 6ኛ ላይ 5፣ 2ኛ ላይ 2፣ 1ኛ ላይ 3 ጠጠር ይሁን። ድምሩ ያው 80 ነው። ግን 1ኛ ቤት ላይ የተከመሩት ሦስት ጠጠሮች እያንዳንዳቸው 1 ፒፕ ቢቀራቸውም ለመውጣት አንድ ሙሉ ዳይስ ይበላሉ፤ 6 ቢወጣም አንዱን ለማውጣት ይሄዳል፣ አምስቱ ይባክናል። 4ኛና 5ኛ ቤት ባዶ ስለሆኑ ደግሞ ጠጠር ማውጣት ሲጀመር የሚወጡት 4 እና 5 ቁጥሮች ጠጠር ከማውጣት ይልቅ በማንሸራተት ያልቃሉ።

ይህን ብክነት የሚመዝነው የቶም ኪት ቆጠራ ነው። 1ኛ ቤት ላይ ከአንዱ በላይ ላለ ለእያንዳንዱ ጠጠር 2 ይጨመራል፤ 2ኛ ላይ ከአንዱ በላይ ላለ 1፤ 3ኛ ላይ ከሦስቱ በላይ ላለ 1፤ ከ4ኛ፣ ከ5ኛና ከ6ኛ ቤት ባዶ ለሆነ ለእያንዳንዱ 1። ይህ ለሁለቱም ተጫዋቾች ይደረጋል። ከዚያ የተረኛው ቁጥር አንድ ሰባተኛው፣ ክፍልፋዩ ተጥሎ፣ በራሱ ላይ ይደመራል። ያ ቁጥር የተቀናቃኙን ከ4 በማይበልጥ ከበለጠ እጥፍ ይጠየቃል፤ ከ3 በማይበልጥ ከሆነ ዳግም እጥፍም ይጠየቃል። ተቀናቃኙ የሚቀበለው ቢያንስ በ2 ሲበለጥ ነው።

በመጀመሪያው አሰላለፍ ማንም ጭማሪ የለበትም። የነጭ 80 ላይ 11 ሲደመር 91፤ ከ88 በ3 ይበልጣል። እጥፍ፣ ዳግም እጥፍም ቢሆን ልክ ነው፣ ጥቁርም ይቀበላል። ሁለቱ መመሪያዎች ገጠሙ። በተበላሸው አሰላለፍ ግን ነጭ ለ1ኛ ቤት 4፣ ለ2ኛ 1፣ ለሁለቱ ባዶ ቤቶች 2 ይጨመርበትና 87 ይሆናል፤ 12 ሲደመር 99። ከ88 በ11 ይበልጣል። እጥፍ ቀርቶ ማሰብም አያስፈልግም፤ 8 የነበረው መሪነት በተግባር 1 ነው። ሁለቱን ሰሌዳዎች አንድ የሚያደርጋቸው ድምሩ ብቻ ነው።

ኪዩቡ መሃል መሆኑ ቀርቶ በነጭ እጅ 2 ላይ ተቀምጦ ቢሆን ቁጥሮቹ አሁንም "ጠይቅ" ይላሉ፤ ግን ጫፍ ላይ ቆመው ነው፤ በትራይስ ልክ 8፣ በኪት ልክ 3። ምክንያቱ ነጭ መሃል ያለን ኪዩብ ሲሰጥ የጋራውን ነው የሚሰጠው፤ በእጁ ያለውን ሲሰጥ ግን የራሱን ብቻ መብት ነው። ልዩነቱ በአንድ ፒፕ ቀንሶ 80 ለ87 ቢሆን፣ የመጀመሪያው እጥፍ ይጠየቃል፣ ዳግም እጥፍ ግን ይቆያል።

ይህ ሁሉ በነጥብ ለሚከፈል ጨዋታ ነው። በግጥሚያ ላይ ያው 80 ለ88 ሌላ መልስ ሊኖረው ይችላል። ነጭ ግጥሚያውን ለመጨረስ 2 ነጥብ፣ ጥቁር ደግሞ 4 ነጥብ የቀራቸው ይሁን። ነጭ እጥፍ ቢልና ጥቁር ቢቀበል፣ ጥቁር በዚህ ጨዋታ ከተሸነፈ ግጥሚያው ራሱ አልቋል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ተራው ያለ ምንም ስጋት 4 ብሎ ይገፋዋል። ያኔ ሙሉ ግጥሚያው በዚህች አንድ ሩጫ ላይ ይንጠለጠላል፣ ነጭ ቀድሞ የያዘው የነጥብ ብልጫም ዋጋ ያጣል። በዚህ ውጤት ላይ ነጭ ከ8 ፒፕ የበለጠ ልዩነት ሳይዝ ኪዩቡን አይነካም።